ድንገተኛ የካዝናና የፔቲ ካሽ ቆጠራ፦ ከየቱ ልጀምር? ምንስ ብዬ ልጻፍ?

መስፈሪያ

ሰላም ለሁላችሁ። ውስጥ ኦዲት ክፍል ከገባሁ ገና ነው። በዚህ ሳምንት ድንገተኛ የጥሬ ገንዘብ ቆጠራ እንድሠራ ታዝዣለሁ። አብራኝ የምትሄድ አንዲት ባልደረባ አለች። ሁኔታው እንዲህ ነው። አንድ ገንዘብ ያዥ አለ። ዋናው ካዝናም 5,000 ብር ያለው የፔቲ ካሽ ሳጥንም በእሱ እጅ ነው፤ ሁለቱም አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ሌላ ፎቅ ላይ ደግሞ 3,000 ብር ያለው ሁለተኛ ፔቲ ካሽ አስተዳደር ክፍል ይዞታል።

ጥያቄዬ፦ ከየቱ ልጀምር? ገንዘቡን እኔ ልንካው ወይስ እሱ ይቁጠር? ቢጎድል ወይም ቢተርፍስ እዚያው ቅጹ ላይ ምን ተብሎ ይጻፋል? ያለፈው ዓመት ቅጽ እጄ ላይ አለ። ድምሩና ሦስት ፊርማ ብቻ ነው ያለው፤ ብዙም አልረዳኝም።

---

ቁርጥ

አታክብደው ወንድሜ። ጠዋት ገና በር ሲከፈት ከተፍ በል። ቁልፉን ተቀበል፣ ገንዘብ ያዡን ከክፍሉ አስወጣና ራስህ ቁጠር። እሱ ካለ እጁ አያርፍም። ሁሉንም ቦታ በአንድ ጊዜ ያዝ፤ አንዱን ስትቆጥር ሌላውን አሽገው። የብሩን ዓይነት ለየብቻ ጻፍ፦ የ200፣ የ100፣ የ50 እያልክ። ከዚያ ካሽ ቡኩ ላይ ካለው ቀሪ ጋር አስተያየው። ካልገጠመ ጉድለት ነው። ጉድለቱን ጽፈህ «አምኛለሁ» ብሎ እንዲፈርም አድርግ። ከዚያ ወዲያ የአለቆች ጉዳይ ነው።

---

ባለ ቁልፏ

ኧረ ወንድሜ ቁርጥ፣ እንዲህ አይባልም! እኔ ገንዘብ ያዥ ነኝ፤ የምትለው ነገር በራሴ ላይ ደርሷል። በድሮ መሥሪያ ቤቴ ሁለት ሰዎች መጡ። ገንዘቡን በካርቶን ይዘው «ማሽኑ ያለው እዚያ ነው» ብለው ሌላ ክፍል ገቡ። እኔ ደንበኛ ፊት ቆሜ ቀረሁ። ሲመለሱ «700 ጎድሏል» አሉኝ። የት ጎደለ? ካዝናው ውስጥ ነው ወይስ መንገድ ላይ? ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። ፈርሚ ተባልኩ፣ ደንግጬ ፈረምኩ፣ ከደሞዜ ተቆረጠ።

ስለዚህ መስፈሪያ፣ እባክህ ሰውዬውን እንዳታስወጣው። ለእሱ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ለራስህም ነው። አንተ ብቻህን ቆጥረህ ቢጎድል፣ «ኦዲተሩ ወሰደው» ቢል ምን ትመልሳለህ?

---

አሮጌ ሌጀር

እህቴ ባለ ቁልፏ ልክ ነሽ። ቁርጥም ግማሹን ልክ ብሏል፤ በአንድ ጊዜ ያዝና አሽግ ያለው እውነት ነው። ግን ገንዘብ ያዡ የወጣበት ቆጠራ ማስረጃ አይሆንም። የተቆጠረው ብር በእሱ እጅ የነበረው መሆኑን ከእሱ በቀር ማንም ሊያረጋግጥልህ አይችልም። ካሽ ቡኩም ብቻውን አይበቃም። ምክንያቱን እነግርሃለሁ።

መስፈሪያ፣ እኔ እንዴት እንደምሠራው ልንገርህ። አንተ እንደ ቤትህ አስተካክለው።

ሁለታችሁም በአንድ ሰዓት፣ በሁለት ቦታ ግቡ። ባልደረባህ ፎቅ ላይ ወዳለው ሳጥን ትሂድ። እሷ ወዲያው አትቁጠር። ሳጥኑን አስቆልፋ መክፈቻው ላይ የወረቀት ማሸጊያ ትለጥፍ፣ ሰዓት ጽፋ ከሳጥኑ ያዥ ጋር ትፈርምበት። አንተም ታች የፔቲ ካሹን ሳጥን እንዲሁ አሽገህ ከዋናው ካዝና ጀምር። ማሸጊያው ቀላል ነገር ይመስላል። ግን ሦስቱ ቦታዎች አንዱ የሌላውን ቀዳዳ እንዳይደፍን የሚከለክልህ እሱ ብቻ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ፔቲ ካሹ ጠዋት፣ ካዝናው ደግሞ ከሰዓት ይቆጠር ነበር፤ ሁሌም ሁለቱም ልክ። አንድ ቀን አንዲት ቆጣሪ ሳጥኑን ስታይ ኖቶቹ ሁሉ አዲስ፣ ቁጥራቸውም ተከታታይ ነው። ሳጥኑ የተሞላው ከሦስት ሳምንት በፊት ነበር። በሳጥኑ ውስጥ ያለፈ ብር ደግሞ የተሸበሸበ መሆን ነበረበት። ያ አዲስ ብር የዚያን ዕለት ጠዋት ከባንክ ወጥቶ ዋናው ካዝና የገባ ገንዘብ ነበር። ለጠዋቱ ቆጠራ ተበድሮ ሳጥኑን ሞላ፣ ከሰዓት ወደ ካዝናው ተመለሰ።

አንዲት ኖት ሳትነካ በፊት ገንዘብ ያዡን ጠይቅ፦ «በአንተ እጅ ያለው የመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ፣ ቼክ፣ ደረሰኝ ጥራዝ ይህ ብቻ ነው? መሳቢያ ውስጥ፣ ሌላ ሰው ጋ የተቀመጠ የለም?» መልሱን ጻፈው። ከቆጠራው በኋላ «ረስቼው ነው፣ እዚያ ማዶ 400 ብር አለኝ» ቢልህ፣ ቀድሞ የመለሰው ወረቀት ላይ አለ።

ከዚያ ሰዓቱን የሚያቆምልህን ነገር ሥራ። መጨረሻ የተቆረጠውን የገቢ ደረሰኝ ቁጥር፣ መጨረሻ የተከፈለበትን ቫውቸር ቁጥር፣ መጨረሻ የገባበትን የባንክ ዴፖዚት ስሊፕ ጻፍ። ጥራዙን ከፍተህ በመጨረሻው ደረሰኝ ቀሪ ላይ ቀንና ሰዓት አስፍረህ ፈርም። ቁርጥ ያልከው ካሽ ቡክ ብዙ ጊዜ የትናንት ማታ ነው። ካዝናው ግን የዛሬ ጠዋት ነው። በመሃል ገንዘብ ገብቷል፣ ወጥቷልም። ያንን ሳታስተካክል ብታስተያየው የሌለ ጉድለት ታገኛለህ፣ ወይም ያለው ይጠፋብሃል።

ቆጠራው ላይ እሱ ይቁጠር፣ አንተ እያየህ ጻፍ። ከዚያ አንተ በእሱ ፊት ድገመው። ከባንክ በወረቀት ታስሮ የመጣ ጥቅል ቢሆን እንኳ ፍታው፤ ወረቀቱ ላይ «100 ኖት» ስለተባለ 100 አይሆንም። ደግሞ በጣት ስትገለብጥ ተጠንቀቅ፦ አንዲት ኖት ለሁለት ታጥፋ በጥቅሉ መሃል ከገባች፣ ጫፏ ሁለት ጊዜ ይመጣና እንደ ሁለት ትቆጠራለች። ጥቅሉን በሁለቱም ጫፍ ቁጠረው። ታጥፋ የገባች ካለች ሁለቱ ድምር አይገጥምም።

በመጨረሻም ብሩ ወደ ካዝናው ሲመለስ እያየህ ይመለስ። የተመለሰለት መሆኑንም በፊርማ ያረጋግጥልህ። እህታችን ያጣችው እሱን ነው።

---

ደብተር

ጥሩ ርዕስ። እኛ ጋም የመጋዘን ቆጠራ ደርሷል። ዕቃው ከቢን ካርዱ ጋር ሲለያይ በዚሁ መንገድ ነው የሚጻፈው? ዕቃ ክፍሉ «ወጪው ገና አልተመዘገበም» ይለናል።

---

አሮጌ ሌጀር

ደብተር፣ እዚህ የምናወራው ስለ ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ለመጋዘን ሌላ ርዕስ ክፈት። አንድ ነገር ግን ይመሳሰላል። «አልተመዘገበም» ላለህ ሰው የወጪ ሰነዱን ቁጥርና ቀን ጠይቀው። ሰነድ ከሌለ ምክንያት አይደለም።

---

መስፈሪያ

ጋሽ ሌጀር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንደነገሩኝ ሠራሁት። ዛሬ ቆጥረናል፣ ውጤቱ ግን ግራ አጋብቶኛል። ቁጥሩን ላስቀምጥ።

ዋናው ካዝና። የትናንት ማታ የካሽ ቡክ ቀሪ 48,600። ዛሬ ጠዋት የተቆረጡ ያልተመዘገቡ ደረሰኞች 17,250። ዛሬ ተከፍለው ያልተመዘገቡ ሁለት ቫውቸሮች 6,400። ዛሬ ጠዋት ባንክ የገባ፣ ስሊፕ ያለው 40,000። ስለዚህ መኖር ያለበት 19,450 ነው። ሁለት ጊዜ ቆጠርን፣ የተገኘው 18,950። 500 ይጎድላል።

የፔቲ ካሽ ሳጥን (5,000)። ጥሬ ገንዘብ 2,370። የተከፈለባቸው ቫውቸሮች 1,630። በብጣሽ ወረቀት ለአንድ ሠራተኛ የተሰጠ ያልተወራረደ ቅድሚያ 1,500። ድምሩ 5,500። 500 ተረፈ!

ፎቅ ያለው (3,000)። ጥሬ ገንዘብ 1,120፣ ቫውቸር 980። 900 ጎደለ ብለን ደንግጠን ነበር። ከዚያ ለፋይናንስ የተላከ የ900 መሙያ ጥያቄ ተገኘ። ልክ ሆነ።

ገንዘብ ያዡ «አየህ፣ አንዱ ጎደለ፣ አንዱ ተረፈ፤ በድምሩ ዜሮ ነው፣ ልክ ነው ብለህ ጻፈው» ይለኛል። ደግሞም ካዝናው ውስጥ 2,600 ብር ያለበት ፖስታ ነበር፤ «የሠራተኞች መዋጮ ነው» አለኝ። ለየብቻ ቆጥሬ ጽፌዋለሁ። ምን ላድርግ?

---

ቁርጥ

በድምሩ ልክ ከሆነማ ምን ያስጨንቅሃል? ገንዘቡ አልጠፋም። አስታርቀህ አንድ ገጽ ጻፍና ተገላገል። ፖስታውን ግን ከመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ጋር ደምረው። ካዝና ውስጥ የተገኘ የካዝናው ነው።

---

አሮጌ ሌጀር

አይሆንም። አታቻችል። ሁለቱ የተለያዩ ሂሳቦች ናቸው። አንዱ ጎደለ ብለህ ጻፍ፣ አንዱ ተረፈ ብለህ ጻፍ። ሰውዬው ካዝናና ሳጥን የሚያቀላቅል ከሆነ፣ የምታቻችልለት አንተ ከሆንክ መደበቂያ ሰጠኸው ማለት ነው።

አሁን ግን 500 እና 500 አጋጣሚ አይመስለኝም። መስፈሪያ፣ ሦስት ነገር እይልኝ። ያ የ1,500 ብጣሽ ወረቀት ቀኑ ስንት ነው? የሳጥኑ መሙያ ገንዘብ መጨረሻ የገባው መቼ ነው? ስንት ብር ነበር?

---

መስፈሪያ

ወረቀቱ የ12 ቀን ዕድሜ አለው። ሳጥኑ የተሞላው በማግስቱ ነው፤ 4,000 ብር።

---

አሮጌ ሌጀር

እንግዲህ ይኸው። መሙያው 4,000 ከሆነ፣ ከመሙያው በፊት የ4,000 ቫውቸር ተከማችቶ ነበር ማለት ነው። ከ5,000 ላይ 4,000 ሲወጣ ሳጥኑ ውስጥ የቀረው 1,000 ብቻ ነው። ሠራተኛው 1,500 ጠየቀ። ሳጥኑ 1,000 ሰጠ፣ የቀረውን 500 ገንዘብ ያዡ ከዋናው ካዝና መዘዘ። ወረቀቱ ግን ሙሉውን 1,500 ከፔቲ ካሽ እንደወጣ አድርጎ ተጻፈ።

በማግስቱ 4,000 ገባ። ከዚያ ወዲህ 1,630 ተከፈለ። 4,000 ሲቀነስ 1,630፣ 2,370 ነው። የቆጠርከው በትክክል ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ አልተረፈውም። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ነው በ500 የበዛበት። ከሳጥኑ ወደ ካዝናው መመለስ የነበረበት 500 ደግሞ 12 ቀን ሙሉ አልተመለሰም።

ይህ ግን የእኔ ስሌት ነው፤ ማስረጃ አይደለም። ሠራተኛውን ለብቻው አግኘው። ስንት እንደተቀበለና ከየት እየተነሳ እንደተሰጠው ጠይቀው። ገንዘብ ያዡ ባለበት አትጠይቀው። «500 ከካዝና ሰጠኝ» ካለህ በጽሑፍ ተቀበል። ሠራተኛው «የተቀበልኩት 1,000 ነው» ካለህ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ የካዝናው 500 የት ገባ የሚለው ክፍት ሆኖ ይቀራል።

---

ባለ ቁልፏ

በስመ አብ! እኔም ይህን አድርጌ አውቃለሁ እኮ። አለቃ «ሹፌሩ ቶሎ ይውጣ፣ ስጪው» ይላል። ሳጥኑ ባዶ ነው። ምን ታደርጋለህ? ከካዝናው ትሰጣለህ፣ ማታ ትመልሳለህ። ሌብነት አይደለም።

---

አሮጌ ሌጀር

ሌብነት ነው አላልኩም እህቴ። ሪፖርቱም ላይ እንዲህ ተብሎ አይጻፍም። ግን የተሰበሰበ ገቢ ሳይነካ ባንክ መግባት አለበት። ከገቢ ላይ ወጪ መክፈል ከተጀመረ፣ የዛሬው 500 በቀላሉ የነገ 5,000 ይሆናል። በዚያ ላይ ወረቀቱን የፈቀደ ፊርማ አለበት? መስፈሪያ፣ እሱንም እይ።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። ያ 500 ለ12 ቀን ጎድሎ ከነበረ፣ በየማታው የካሽ ቡክ ቀሪ ላይ «ቆጥሬያለሁ» ብሎ የሚፈርም ኃላፊ የለም? ካለ፣ ፈረመ እንጂ አልቆጠረም ማለት ነው። የአሥራ ሁለቱንም ቀን ገጽ ገልጠህ እይ። እኔ ብሆን ሪፖርቴ ላይ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው።

---

መስፈሪያ

አየሁት። በየገጹ የኃላፊው ፊርማ አለ። ሁሉም በአንድ ዓይነት ሰማያዊ ብዕር፣ በአንድ ዓይነት አዘነባበል። የአምስቱ ቀን በአንድ ጊዜ ቁጭ ተብሎ የተፈረመ ይመስላል፤ ግን ይመስላል ብዬ መጻፍ አልችልም።

ብጣሹ ወረቀት ላይ የፈቀደ ሰው ፊርማ የለም። ሠራተኛውም ጽፎ ሰጥቶኛል፦ 1,500 ተቀብሏል፣ ከሳጥኑ እየተቆጠረ ሲሰጠው አለቀና ካዝናው ተከፍቶ ተጨመረለት።

---

አሮጌ ሌጀር

እንግዲያው ተፈታ። ፊርማውን በተመለከተ «ይመስላል» አትበል፤ ልክ ነህ። የምታውቀውን ብቻ ጻፍ፦ ቀሪው በእነዚህ ቀናት በኃላፊው ተፈርሞበታል፤ በቆጠራው ቀን የ500 ልዩነት ተገኝቷል፤ ልዩነቱ የተነሳው ከ12 ቀን በፊት ነው። ያነበበ ሰው የቀረውን ራሱ ይገጣጥመዋል።

ቅጹን እንዴት እንደምትሞላ ጠይቀህ ነበር። ለሦስቱ ቦታ ሦስት ቅጽ ሙላ፤ አንድ ላይ አታድርግ። እያንዳንዱ ላይ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት ይኑር። የኖት ዓይነት፣ ብዛት፣ ድምር በእስክሪብቶ ይጻፍ። የተሰረዘ ቢኖር በአንድ መስመር ብቻ ሰርዘህ አጠገቡ ሁለታችሁም ፈርሙ፤ በፍሉይድ አትቀባ። ባዶ የቀረውን መስመር በሰያፍ ዝጋው። የካዝናው ቅጽ ታች ላይ ከ48,600 ተነስተህ እስከ 19,450 ያደረስክበት ስሌት በሙሉ ይታይ፤ ከደረሰኝ ቁጥር እስከ ደረሰኝ ቁጥር። ድምር ብቻ ያለበት ያ ያለፈው ዓመት ቅጽ ነገ አንድ ሰው «ከየት አመጣኸው?» ቢልህ መልስ የለውም።

የፊርማው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይሁን፦

«ከላይ የተዘረዘረው ብር 18,950 በእኔ ፊት ተቆጥሮ ሳይጎድል ተመልሶልኛል። ከዚህና በሌላ ቅጽ ከተቆጠረው የፔቲ ካሽ ሳጥን ውጪ በእጄ የሚገኝ የመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ የለም።»

ይኸው ነው። «ጉድለቱን አምኛለሁ፣ እከፍላለሁ» የሚል ነገር እዚህ ቅጽ ላይ አይግባ። ፊርማው የቆጠራው ምስክር ነው። ዕዳው የማን እንደሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ገንዘብ ያዡ የሚሰጠው ማብራሪያ በራሱ እጅ ጽሑፍ፣ በሌላ ወረቀት፣ በዚያው ቀን ይሁን። ማብራሪያውን አንተ አትጻፍለት።

---

ቁርጥ

እሺ፣ ይሁን። ታዲያ ሰውዬው አሁን ከኪሱ 500 አውጥቶ ካዝናው ውስጥ ቢጨምርስ? ወይ ከሳጥኑ አውጥቶ ቢመልስስ? ጉድለቱ ተሟላ ማለት አይደለም?

---

አሮጌ ሌጀር

ከሳጥኑ ቢመልስ ማስተካከያ ነው፤ ግን በሰነድ፣ በኃላፊ ፈቃድ፣ ቅጹ ከተፈረመ በኋላ። ከኪሱ ቢሆን ግን በመጀመሪያ የተገኘው 18,950 በቅጹ ላይ እንዳለ ይቀራል። የጨመረው ገንዘብ ደረሰኝ ተቆርጦለት ሌላ ጊዜ ይመዝገብ። ቁጥሩን ከተስተካከለ በኋላ የምትጽፍ ከሆነ፣ ያደረግከው ድንገተኛ ቆጠራ መሆኑ ቀርቷል።

ቫውቸሮቹ ላይ ደግሞ ምልክት አድርጋችኋል? 1,630ዎቹ ላይ ቀንና አጭር ፊርማ ካላሳረፋችሁ፣ አንዱ ቫውቸር ነገ ፎቅ ባለው ሳጥን ውስጥ ብቅ ሊል ይችላል። ባልደረባህም የ900ዋን መሙያ ጥያቄ ፋይናንስ ጋ ሄዳ ትይ። ተልኳል ማለት አልተከፈለም ማለት አይደለም። ቼኩ ቀደም ብሎ ወጥቶ ተመንዝሮ ከሆነ 900 በእርግጥ ጎድሏል። ለዋናው ካዝና ደግሞ 40,000 የገባበትን ስሊፕ ብቻ አትመን። የባንክ ስቴትመንት ላይ በዚያው ቀን፣ በዚያው መጠን መታየቱን አረጋግጥ።

---

መስፈሪያ

ቫውቸሮቹ ላይ ፈርመናል። የ900 ጥያቄው ፋይናንስ ጋ ገና ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ቼክ አልተጻፈለትም። ስቴትመንቱን ነገ አገኛለሁ።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ደረሰኞቹ ከ0451 እስከ 0463 ናቸው፤ 0458 ተበላሽቶ ሦስቱም ቅጂ ጥራዙ ላይ አለ። ግን ገንዘብ ያዡ የማላውቀው ሌላ ጥራዝ ቢኖረውስ? ገንዘብ ተቀብሎበት ካልመዘገበ፣ ካዝናው ልክ ሆኖ ይታየኛል አይደል?

---

አሮጌ ሌጀር

አዎ፣ ይታይሃል። ቆጠራ ከደረሰኝ ውጪ የተቀበለውን ገንዘብ አያሳይም። የምትችለው የታተሙትንና የተሰጡትን ጥራዞች ከሚመዘግበው ክፍል ዝርዝር አምጥተህ፣ በእሱ እጅ መሆን ያለባቸውን ጥራዞች በሙሉ ማየት ነው፤ ያልተጀመሩትንም ጭምር። አንድ ጥራዝ ከጠፋ ከ500ዋ በጣም የሚከብድ ነገር ነው።

---

ባለ ቁልፏ

የቅጹ ቅጂ ለእኔ ይሰጣል? እኔ ጠይቄ «የኦዲት ሰነድ ነው» ብለው ከልክለውኛል።

---

አሮጌ ሌጀር

የፈረምሽበትን ቅጂ ማግኘት አለብሽ። ሦስት ቅጂ ይሠራ፤ አንዱ ለአንቺ፣ አንዱ ለኃላፊው፣ አንዱ ለኦዲት።

---

ደብተር

የእኛ ኦዲት ግን ቅጂ አይሰጥም፤ በመመሪያ ተከልክሏል ይሉናል። ስለዚህ ሁሉም ቦታ አንድ ነው ማለት አይቻልም።

---

ቁርጥ

ፖስታውን ግን ማንም አልመለሰልኝም። 2,600 የማን ነው? የመዋጮ ደብተር አለ?

---

መስፈሪያ

ደብተር የለም። «ስም ዝርዝሩ ስልኬ ላይ ነው» ብሏል። ዝርዝሩን አሳየኝ፤ ድምሩ 2,600 ነው። ግን ያንን ዝርዝር መቼ እንደጻፈው እንዴት አውቃለሁ?

---

አሮጌ ሌጀር

አታውቅም። እኔ ለየብቻ ዘርዝሬ «ካዝና ውስጥ የተገኘ፣ የሠራተኞች መዋጮ ነው የተባለ፣ የመሥሪያ ቤቱ መሆኑን ወይም አለመሆኑን የሚያሳይ ሰነድ ያልቀረበበት» እላለሁ። ከካዝናው ድምር ጋር አልደምረውም። ከሠራተኞቹ ሁለት ሦስቱን «ስንት አዋጣችሁ?» ብለህ ጠይቅ። የግል ገንዘብ ካዝና ውስጥ እንዳይቀመጥም በሪፖርቱ ላይ አሳስብ።

---

ቁርጥ

እኔ አሁንም አልስማማም። ሰነድ ካልቀረበበት የካዝናው ትርፍ ነው፤ ደረሰኝ ተቆርጦለት ገቢ ይሁንና ባለቤት ነኝ የሚል ይምጣና ይጠይቅ። አለበለዚያ ሁሉም ጉድለቱን የሚሞላበት ፖስታ ይኖረዋል።

---

ባለ ቁልፏ

የእኔን መዋጮ ገቢ ብታደርጉት ታዲያ ለማን ላመልክት? ለአንተ ነው፣ ቁርጥ? ቁልፍ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም ካዝናው ነው።